ሲገድሏቸው የሚነሱ ማሽኖች

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገና ቡናዬን ሳልቀምስ ስልኬ ጠራ። የሒሳብ ሠራተኛችን ናቸው፤ በዕድሜ ከእናቴ የሚስተካከሉ፣ በቁጥር ቀልድ የማያውቁ ሴት። «ልጄ፣ ይሄ የአማዞን ሒሳብ ምን ነካው? ቅዳሜ ሌሊት ኢሜይል ልኮልኝ ኖሮ አሁን ነው ያየሁት። ከወሩ በጀት 80 በመቶው አልቋል ይላል። ዛሬ ገና በወሩ 12ኛው ቀን ነው'ኮ!»

ድርጅታችን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ፣ አምስት ሰዎች የምንሠራበት ትንሽ ቤት ነው። ለሐበሻ መደብሮች የኢንተርኔት መሸጫ ገጽ እንሠራለን። የራሳችን ሰርቨር የለንም፤ እንደ ብዙው ሰው ከአማዞን ክላውድ በሰዓት እንከራያለን። የምንከራያቸው ማሽኖች ያሉትም እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የወር ሒሳባችን ከ600 ዶላር ብዙም አይርቅም ነበር። ያን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ግን 940 ዶላር ገደማ በላ። ለትልቅ ኩባንያ የሻይ ወጪ ነው፤ ለእኛ የአንድ ሰው ደመወዝ የሚያዘገይ ገንዘብ ነው።

የሆነውን ለመረዳት መጀመሪያ ክላውዱ ማሽን የሚጨምረውና የሚቀንሰው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አሠራሩ ኦቶስኬሊንግ ይባላል። ወፍጮ ቤት አስቡ። ሰው እህሉን ይዞ ይሰለፋል። ባለቤቱ ለጠባቂው እንዲህ ብሎት ሄዷል፦ «ወረፋው ከመቶ ሰው ካለፈ አራት ወፍጮ ጨምር። ወረፋው ሲያልቅ አንድ በአንድ ቀንስ። ከሁለት እንዳታሳንስ፣ ከስልሳ እንዳታስበልጥ።» ጠባቂው ታዛዥ ነው፣ አይተኛም፣ ለምን ብሎም አይጠይቅም። እኛም ያለን ይኸው ነው። ደንበኛ የዕቃውን ፎቶ ሲሰድ ፎቶው ወረፋ ውስጥ ይገባል፤ ማሽኖቹ ከወረፋው እያነሱ ፎቶውን ያሳንሱታል፣ ያጠሩታል፣ ገጹ ላይ ያወጡታል። በአዘቦት ቀን ሁለት ማሽን ይበቃል። ስልሳ የሚለው ጣሪያ የመጣው አምና ለፋሲካ ገበያ ነው፤ ያኔ «ለማንኛውም ከፍ እናድርገው» ብለን አደረግነው። ፋሲካው አለፈ፣ ስልሳው ቀረ።

ቢሮ ስደርስ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ቀድሞኝ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። ስልሳ ማሽን እየሠራ መሆኑን አይቶ ደንግጦ፣ ሃያ ሃያ እየመረጠ ማጥፋት ጀምሯል። «ኧረ ና እይልኝ! ስገድላቸው ይነሳሉ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሃያ ያጠፋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሃያ አዲስ ይነሳል።

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በቡድን የሚተዳደር ማሽን በእጅ ሲጠፋ፣ ቡድኑ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልሳ እንዲኖር ታዝዟል፣ አሁን አርባ ቀርቷል፣ ስለዚህ ሃያ ይጎድለዋል። እንዳያጠፉት ብቻ «አቁም» ብለው ቢያስተኙትም ያው ነው፤ የቆመውን ማሽን እንደ ታመመ ቆጥሮ ያስወግደውና በምትኩ ሌላ ያስነሳል። በዚያ ላይ የሊኑክስ ማሽን ከ2017 ጀምሮ የሚታሰበው በሴኮንድ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ አዲስ ማሽን ለአስር ሴኮንድ ብቻ ቢኖርም የአንድ ደቂቃ ይከፈልበታል። ስለዚህ በእጅ መግደል ሒሳቡን አይቀንስም፤ ማሽኑ ውስጥ የነበረውን ማስረጃ ግን ያጠፋል።

«እጅህን አንሳ፣ መጀመሪያ የጠባቂውን እጅ እንያዝ» አልኩት። ለዚህ የተሠራ ትእዛዝ አለ፤ ቡድኑ አዲስ ማሽን እንዳያስነሳና የአላርም ጥሪ እንዳይሰማ ያደርገዋል።

```
aws autoscaling suspend-processes \
  --auto-scaling-group-name photo-workers \
  --scaling-processes Launch AlarmNotification
```

ይህ ያሉትን ማሽኖች አያጠፋም። ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፣ የሰዓቱ ቆጣሪም መቁጠሩን ይቀጥላል። ግን ከዚህ በኋላ የሚቀነስ ማሽን ተመልሶ አይነሳም። ቀጥሎ ጣሪያውን አውርደን አንድ ማሽን ብቻ አስቀረን፤ የታመመውን ሰው ሳያዩ በሽታውን ማወቅ አይቻልምና አንዷን ለምርመራ ፈለግናት።

```
aws autoscaling update-auto-scaling-group \
  --auto-scaling-group-name photo-workers \
  --min-size 1 --max-size 2 --desired-capacity 1
```

እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ትእዛዝ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ጣሪያው ሁለት ከሆነ አላርሙ ቢጮህም ቡድኑ ከሁለት አያልፍም። የመጀመሪያውን የምወደው ምንም ሳይሰብር ለማሰብ ጊዜ ስለሚሰጥ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ድርጅታችሁ የማሽኖቹን ቁጥር በፋይል ጽፎ በቴራፎርም የሚያስተዳድር ከሆነ ፋይሉንም አርሙ። አለበለዚያ ማክሰኞ አንዱ የቡድናችሁ አባል ሌላ ለውጥ ሲጭን ስልሳዋ ተመልሳ ትመጣለች።

ማሽኖቹ በደቂቃዎች ውስጥ ወረዱ። የቀረው ለምን የሚለው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ገጽ ይሄዳል። መሄዱ ጥሩ ነው፣ ግን ገጹ የሚያሳየው ትናንትን ነው። የበጀት ማስጠንቀቂያ የሚመሠረትበት መረጃ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ነው የሚታደሰው፤ በመካከሉ ብዙ ሰዓት ያልፋል። የእኛ ጣጣ የጀመረው ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሆኖ ኢሜይሉ የተላከው ቅዳሜ ሌሊት የሆነውም በዚህ ነው። የሒሳቡ ገጽ አንድ ነገር ግን በደንብ ይነግራል፦ ገንዘቡ የሄደበትን ቦታ። ወጪውን በአገልግሎት ሳይሆን `Usage type` በሚለው ከፋፍለን ስናየው ሁለት መስመር ጎልቶ ወጣ። አንደኛው `BoxUsage:m5.xlarge` ነው፤ የማሽኖቹ ኪራይ ማለት ነው። አንዱ በሰዓት ወደ 19 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ስልሳው 11 ዶላር ከ52 ሳንቲም። እስከ ሰኞ ጠዋት 62 ሰዓት ነውና፣ ቁጥሩ እየወጣ የነበረበትን የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከሩብ ቀንሰን 700 ዶላር ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛው መስመር `NatGateway-Bytes` ይላል፤ እሱ ደግሞ 200 ዶላር አካባቢ። ይህ ያልጠበቅነው ነበር። ናት ጌትዌይ ማለት በውስጥ አውታር ያሉት ማሽኖች ወደ ውጭ የሚወጡበት በር ነው፤ በሩ ላይ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ጊጋባይት አራት ሳንቲም ተኩል ይቀረጣል። 200 ዶላር ማለት ከአራት ሺህ ጊጋባይት በላይ አልፏል ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ ሱቆቹ ሁሉ ተኝተው? ቀሪው ሠላሳ ዶላር ገደማ ማሽኖቹ ስለ ራሳቸው የጻፉት ሎግ ነበር። ሎጉ ብቻውን ይህን ያህል ካወጣ አንድ ነገር ሲጮህ ነበር ማለት ነው።

ቀጥለን ጠባቂውን ራሱን ጠየቅነው። ኦቶስኬሊንግ የሠራውን ሁሉ ከነምክንያቱ ይመዘግባል፤ ብዙ ሰው መዝገቡ መኖሩንም አያውቅም።

```
aws autoscaling describe-scaling-activities \
  --auto-scaling-group-name photo-workers
```

ከሚወጣው ውስጥ መነበብ ያለበት `Cause` የሚለው ነው። ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚጻፍ ከቨርጂኒያው ሰዓት ጋር ማስማማት የአንባቢው ሥራ ነው። ከላይ ያሉትን፣ ወጣቱ ጓደኛችን ጠዋት የገደላቸውን አልፈን ወደ ዓርብ ምሽቱ ስንወርድ መዝገቡ ይህን ዓይነት መስመር ደጋግሞ ያሳያል፦

```
a monitor alarm queue-high in state ALARM triggered
policy add-four changing the desired capacity from 2 to 6
```

ወረፋው በዝቷል፣ አራት ጨምሬያለሁ፤ ከሁለት ወደ ስድስት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከስድስት ወደ አስር። እንዲህ እያለ በአሥራ አምስት እርምጃ ስልሳ ገባ። ጠባቂው አልተበላሸም፤ የታዘዘውን አድርጓል። እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት መስመር፣ ለምሳሌ `ELB system health check failure` የሚል ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ያኛው በሽታ የማሽኑን ቁጥር አያበዛም፤ አዲሱ ማሽን ተነስቶ ሳይጨርስ «ታሟል» ተብሎ ይገደላል፣ በምትኩ ሌላ ይነሳል፣ እሱም ይገደላል። መድኃኒቱም የመነሻ ጊዜ መስጠት ነው። በትእዛዝ መስመር የተፈጠረ ቡድን ይህ ጊዜ ካልተነገረው ዜሮ ብሎ ይጀምራል፤ በድረ ገጹ የተፈጠረው ግን 300 ሴኮንድ ይሰጣል። የእኛ ይህ አልነበረም።

ቁልፉ ጥያቄ ይህ ነው፦ ማሽን ሲጨመር ወረፋው ቀነሰ ወይ? ሁለት መስመር በአንድ ሥዕል ላይ አወጣን፤ የማሽኖቹን ቁጥርና የወረፋውን ርዝመት። ማሽኖቹ ከሁለት ወደ ስልሳ ይወጣሉ፤ ወረፋው ከሁለት ሺህ በላይ ሆኖ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሏል። ጤነኛ ቡድን እንዲህ አይመስልም። የእውነት ሥራ በዝቶ ቢሆን ማሽን በወጣ ቁጥር ወረፋው ሲወርድ ይታያል፣ ቢያንስ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛ መስመር ጨመርን፦ `NumberOfMessagesDeleted`፣ ማለትም ሥራው ተጠናቆ ከወረፋው የተሰረዘ። ከዓርብ ምሽት ጀምሮ ዜሮ ነው። ስልሳ ወፍጮ ይሽከረከራል፣ አንድ ቁና ዱቄት አልወጣም። የማሽኖቹ የሥራ ጫናም ከአስር በመቶ በታች ነበር፤ ይህም ራሱ ምልክት ነው፤ ሥራ የበዛበት ማሽን እንዲህ አይዝናናም።

ወረፋው ውስጥ ከሁሉ አንጋፋው መልእክት ስንት ሰዓት እንደቆየ የሚያሳይ መለኪያ አለ፤ በእሱ ብቻ የሚተማመኑ ሰዎች አውቃለሁ። ለዚህ ዓይነቱ ችግር ግን ያሞኛል። ከሦስት ጊዜ በላይ ተነስቶ ያልተጠናቀቀ መልእክት በተለመደው ዓይነት ወረፋ ወደ ኋላ ይገፋና መለኪያው እሱን ትቶ ቀጣዩን ይቆጥራል። በሽተኛው ከቆጠራ ይወጣል ማለት ነው።

የቀረችውን አንዷን ማሽን ከፍተን ሎጉን ስናነብ መልሱ በሁለት ደቂቃ ተገኘ። ዓርብ ምሽት አንዲት የሐበሻ ልብስ ነጋዴ ሱቋን ዘግታ የዓመቱን ሸቀጥ ሁሉ በአይፎን አንስታ፣ 2,600 ፎቶ በአንድ ጊዜ ጭናለች። ምንም ጥፋት የላትም፤ ገጹን የሠራነው ለዚህ ነው። አይፎን ግን ከ2017 ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው `HEIC` በሚባል ዓይነት ነው፤ በስልኩ አፕ ስትልክ ይቀየራል፣ በኮምፒውተር ስታዛውረው ግን እንዳለ ሊመጣ ይችላል። የእኛ ፕሮግራም ይህን መክፈት አያውቅም። አለማወቁ ሳይሆን ችግሩ፣ ሲያቅተው «አልቻልኩም» ብሎ አልፎ በመሄድ ፈንታ ራሱ ወድቆ መሞቱ ነው።

ወደ ወፍጮው እንመለስ። እህሉ ውስጥ ድንጋይ ያለበት ጆንያ መጣ። ወፍጮው ድንጋዩን ነክሶ ቆመ። ጆንያው ተመልሶ ወረፋው ላይ ቆመ፤ ወፍጮው ተጠግኖ ሲነሳ ያንኑ ጆንያ ወይም ወንድሙን ያነሳል። በክላውዱ ወረፋ ይህ የሚሆነው በሥርዓት ነው፦ ማሽን አንድ መልእክት ሲያነሳ መልእክቱ ለተወሰነ ጊዜ ከሌሎች ይደበቃል፤ ካልተቀየረ በቀር ለ30 ሴኮንድ። በዚያ ጊዜ «ጨርሻለሁ» ካላለ መልእክቱ ይመለሳል። ማሽን ቢሞት ሥራ እንዳይጠፋ ተብሎ የተደረገ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። መጥፎው የእኛ ነው። ፕሮግራማችን አስር አስር ያነሳል፣ አስሩንም ፎቶ ያወርዳል፣ አስሩም ሲያልቅ ብቻ ይሰርዛል። ከአስሩ አንዱ ድንጋይ ከሆነ ዘጠኙ ደህናዎችም አብረው ይመለሳሉ። የሌሎች ሱቆች ፎቶም በዚሁ ታግቶ ሰነበተ።

የ200 ዶላሩም ምሥጢር እዚህ ተፈታ። ፕሮግራሙ ሞቶ ለመነሳት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስልሳ ማሽን በየደቂቃው አስር አስር ፎቶ ሲያወርድ በደቂቃ ስድስት መቶ ነው፤ አንዱ ፎቶ ወደ ሁለት ሜጋባይት። የነጋዴዋ ፎቶ ሁሉ ተደምሮ አምስት ጊጋባይት ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ግን እስከ ሰኞ 850 ጊዜ ያህል በዚያ ቀራጭ በር አልፏል። ፎቶው የተቀመጠበት መጋዘንና ማሽኖቹ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ በናት ጌትዌይ መዞር አያስፈልጋቸውም ነበር። ለዚህ መጋዘን በነፃ የሚከፈት የጓሮ በር አለ፣ ጌትዌይ ኢንድፖይንት ይሉታል። አልከፈትነውም ነበር፤ ያን ቀን ከፈትነው።

አንድ ነገር እስካሁን ያስደነግጠኛል። ወረፋው ካልተነገረው በቀር መልእክት የሚያቆየው ለአራት ቀን ነው። ሒሳብ ሠራተኛችን ባይደውሉ ኖሮ ማክሰኞ ማታ መልእክቶቹ በራሳቸው ይረግፉ ነበር፤ ወረፋው ይጸዳል፣ ጠባቂው ማሽኖቹን ይቀንሳል፣ ረቡዕ ሁሉም ደህና ይመስላል። 1,450 ዶላር ገደማ ይሄዳል፣ የነጋዴዋም ፎቶ ገጹ ላይ ሳይወጣ ይቀራል፣ እኛም «ክላውዱ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል» ብለን እናልፈው ነበር። ብዙ ድርጅት እንዲህ ያለፈው ጣጣ እንዳለው እጠረጥራለሁ።

ወጣቱ ጓደኛዬ ወረፋውን በአንዴ እናጽዳው አለ። ትእዛዙ አለ፣ ይሠራል፣ ግን የሰው አደራ ነው የሚደፋው። ያደረግነው ሌላ ነው፦ የተቸገሩ መልእክቶች የሚለዩበት ሁለተኛ ወረፋ ሠርተን `maxReceiveCount` የሚለውን አምስት አልነው። አምስት ጊዜ ተሞክሮ ያልተሳካ መልእክት ከዚያ በኋላ ወደ ጎን ይወጣል። በእኛ ሁኔታ ሁሉም ከመቶ ጊዜ በላይ ተነስተው ስለነበር ደህናውም ድንጋዩም አብሮ ወደ ጎን ሄደ፤ ይህን ጠብቀን ነበር። ያልጠበቅነው፣ መልእክት ወደ ጎን ወረፋ ሲዛወር ዕድሜው እንደ አዲስ አለመቆጠሩ ነው። የተወለደው ዓርብ ነው፣ ከዓርብ ይቆጠራል። ስለዚህ የጎን ወረፋውን የማቆያ ጊዜ ወዲያው ወደ 14 ቀን ከፍ አደረግነው፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም።

ከዚያ በኋላ ስለ ጣሪያው ተጨቃጨቅን። የአማዞን መመሪያ ከጠቅላላው ወረፋ ይልቅ ለአንድ ማሽን የሚደርሰውን ድርሻ ለክታችሁ ጨምሩ ይላል። ትክክል ነው፣ ለአዘቦቱ ሥራም የተሻለ ነው፣ ቀየርነውም። ግን ያን ዓርብ አያድነንም ነበር፤ 2,600 ድንጋይ ለስልሳ ማሽን ቢካፈልም አርባ አርባ ይደርሳል፣ ጠባቂው ያው «ጨምር» ይላል። የሚያድነው ጣሪያው ነው። ሒሳብ ሠራተኛችን ስብሰባው ላይ ተቀምጠው ኖሮ «ማሽኑን ተዉትና፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም ሳያየው ቢበላ ስንት ይብላ?» አሉ። መቶ ዶላር አልን። ከመቶ ዶላር ወደ ኋላ ስንቆጥር ስምንት ማሽን ሆነ፤ በ62 ሰዓት 95 ዶላር። ጣሪያው ስምንት ሆኖ ተጻፈ። ለበዓል ገበያ ከፍ የሚያደርግ ሰው የሚያወርድበትን ቀን አብሮ ይጽፋል።

ሁለት አላርምም አስገባን፣ ሁለቱም ወደ ስልክ እንጂ ወደ ኢሜይል አይሄዱም። አንዱ ማሽኖቹ ጣሪያ ነክተው ግማሽ ሰዓት ከቆዩ ይጮሃል። ሌላው ወረፋ ሰው እያለው ለአሥራ አምስት ደቂቃ አንድም ሥራ ካልተጠናቀቀ። ሁለተኛው ያን ዓርብ ቢኖር ራት ሳንጨርስ ይቀሰቅሰን ነበር። በጀት ሲያልፍ ማሽኖቹን በራሱ የሚያቆም አሠራርም አለ፤ እሱን ትተነዋል፤ ለምን እንደሆነ ወጣቱ ጓደኛችን ሰኞ ጠዋት በእጁ ሞክሮ አሳይቶናል።

ፕሮግራሙ `HEIC` መክፈት እንዲችልና ሲያቅተውም እንዳይሞት ለማድረግ እስከ ማክሰኞ ቀትር ፈጀ። ያገድነውን የጠባቂ እጅ ፈታን፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፣ የሚያውቀውም የሚቀጥለው የእውነት ወረፋ ሲመጣ ነው። ከዚያ የጎን ወረፋውን መልእክት ወደ ዋናው መለስንና ተቀምጠን አየን። ሁለት ማሽን፣ 2,600 ፎቶ፣ 43 ደቂቃ። ሒሳብ ሠራተኛችን ስንት እንደፈጀ ጠየቁኝ፤ አስልቼ ነገርኳቸው፦ 28 ሳንቲም አይሞላም።